«ለጊዜው አቁሙ» ማለት ምን ማለት ነው?

(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ ደውሎ «ካለህበት አገር አንድ ነገር ይዘህ ና» ሲለኝ፣ ማር ወይም ጤፍ የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ንግግር መሆኑን የገባኝ። እናንተ እንደምታውቁት እኔ ከዚህ ግቢ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቄ ወጥቼ፣ ይኸው ነፋስ መውጫ ላይ አስተምራለሁ። ትንሽ ከተማ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህር መሆን ማለት ደግሞ ክፍል ውስጥ ብቻ ማስተማር አይደለም። ሰው ከየቤቱ ወረቀት ይዞ ይመጣል። የመድኃኒት ወረቀት፣ የቪዛ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ወረቀት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ወረቀቱ ቀርቶ ስልክ ይዞ ይመጣል። «መምህር፣ እስቲ ይቺን እያት፣ ምን ትላለች?» ይላል።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት እንደዚህ ያለች ኢሜይል ነው። አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። እኔ ተርጉሜያት ተሳስቻለሁ። ስሕተቴ ደግሞ የሰዋስው አልነበረም። ቃል በቃል ብትጠይቁኝ እያንዳንዷን ቃል በትክክል ነበር ያወቅኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የዕርዳታ ሥራ ለረጅም ዘመን የኖረባቸው ወረዳዎች ናቸው። የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጋይንትና ስማዳ ውስጡ ነበሩ። ስለዚህ በየከተማው የፕሮጀክት መጋዘን፣ የፕሮጀክት ሞተር ሳይክል፣ የፕሮጀክት ዘበኛ አለ። እነዚህ ሰዎች ደመወዛቸውን በብር ያገኛሉ፤ ዜናቸውን ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚሰሙት።

በ2017 ዓ.ም. ጥር 12 ቀን፣ እኛ ቃና ዘገሊላን ስናከብር፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታ ለዘጠና ቀን እንዲገታና እንዲገመገም የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ በዓለም ዙሪያ ለሚገኙ ፕሮጀክቶች «ሥራ አቁሙ» የሚል መመሪያ ወረደ። ዘጠናውን ቀን ብትቆጥሩት የሚያልቀው ሚያዝያ 12 ነው፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለበት ዕለት። ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አገር «ለፋሲካ ይከፈታል» የሚለው ወሬ ከዚህ ነው የተነሣው።

ኢሜይሏ የመጣችው ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን ነው። የላከው ድርጅት ስሙ ይቆየን፤ የከፋ ድርጅት አልነበረም። ከአስተባባሪው ወደ ቴሌግራም ተላልፋ፣ ከቴሌግራም ወደ መጋዘኑ ዘበኛ ልጅ ስልክ ደረሰች። ዘበኛው ስልሳ ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ስድስት ዓመት ያንን መጋዘን ጠብቀዋል። ልጃቸውን አስከትለው ሻይ ቤት ድረስ መጡና ስልኩን ዘረጉልኝ። ተማሪ በሚተረጉምበት አተረጓጎም እንዲህ ትላለች፦

«ውድ ባልደረቦች፣ ይህ መልእክት በደኅና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እንደምታውቁት በቅርቡ በገንዘብ ምንጮች ዙሪያ የተፈጠሩ ሁኔታዎች ሥራችንን እንድንገመግም አስገድደውናል። በዚህ ጊዜ ሁሉንም እንቅስቃሴዎች ተጨማሪ ማስታወቂያ እስኪሰጥ ድረስ እንድታቆሙ በትሕትና ትጠየቃላችሁ። በእጃችሁ ያለው የድርጅቱ ንብረት በሙሉ እስከ ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን ባሕር ዳር ቢሮ መመለሱን እንድታረጋግጡ እንጠይቃለን። ለትጋታችሁ ከልብ እያመሰገንን፣ ቀጣይ እርምጃዎችን በተመለከተ እንደ አስፈላጊነቱ እንገናኛለን።»

እኔ ግን እንዲህ ብዬ አላነበብኩላቸውም። እንዲህ ብዬ ባነብላቸው ይሻል ነበር። ጋሼ እያዩኝ ነው፣ ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው፣ ሰው እንዳይጨነቅ ደግሞ እፈልጋለሁ። ስለዚህ አሳጠርኩት። «ጋሼ፣ ገንዘብ ስለተጓተተ ለጊዜው ሥራ ቆሟል፤ እንጠራችኋለን ነው የሚሉት» አልኳቸው።

ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ጥበቃውስ?» አሉኝ።

«ጥበቃማ እንዴት ይቆማል?» አልኳቸው። «ንብረቱ እዚያው ነው ያለው።»

እንግዲህ ሁለት ስሕተት ሠራሁ፤ ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ። አንደኛው «እንጠራችኋለን» ያልኩት ነው። ኢሜይሏ ውስጥ «እንጠራችኋለን» የሚል ቃል የለም። «ዊል ቢ ኢን ተች» ነው የሚለው፤ እንገናኛለን፣ እናሳውቃችኋለን እንደማለት ነው። አንድ አሠሪ «ሥራችሁ አብቅቷል» ብሎ ለመንገርም «እንገናኛለን» ማለት ይችላል። በአማርኛ ግን ሥራ ያቆመን ሰው «እንጠራሃለን» ካልከው ተመልሶ እንዲገባ ቃል ሰጥተኸዋል። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ድርጅቱ አልሰጠም።

ሁለተኛው የጥበቃው ነገር ነው። «ሁሉንም እንቅስቃሴዎች አቁሙ» ሲል ዘበኛ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? የጻፈው ሰው አላሰበበትም። በእሱ አእምሮ «እንቅስቃሴ» ማለት ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ እህል ማደል ነው። እኔ ደግሞ ያልታሰበበትን ነገር እንደታሰበ አድርጌ መለስኩላቸው። ጋሼም በእኔ ቃል ሁለት ወር ሙሉ ያለ ደመወዝ ሌሊት ሌሊት መጋዘን ጠበቁ። በመካከሉ ወረታ ላይ አንድ ዘመዳቸው የሩዝ መፈልፈያ ጥበቃ አግኝቶላቸው ነበር። «መሥሪያ ቤቴ ይጠራኛል» ብለው ሳይሄዱ ቀሩ።

አሁን ይቺን ኢሜይል ከእናንተ ጋር ቀስ ብዬ ላንብባት። ያኔ ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነው።

መጀመሪያ የምናየው ቀን ነው። በአምስቱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንት ቀን አለ? አንድ ብቻ። እሱም ንብረት የሚመለስበት ቀን ነው። ሥራ የሚጀመርበት ቀን የለም፣ ደመወዝ እስከ መቼ እንደሚከፈል የለም፣ ቀጣዩ ደብዳቤ መቼ እንደሚመጣ የለም። አሠሪው ከሠራተኛው የሚፈልገው ነገር ቀን አለው፤ ሠራተኛው ከአሠሪው የሚፈልገው ነገር ቀን የለውም። ድፍን ያለ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ከቃላቱ በፊት ቀኖቹን ቁጠሩ። ቀን የተሰጠው ነገር የተወሰነ ነገር ነው። ቀን ያልተሰጠው ወይ አልተወሰነም፣ ወይ ተወስኖ ሊነገር አልተፈለገም።

ቀኑን ካነሣሁ አይቀር፣ ፌብሩዋሪን «የካቲት» ብሎ መተርጎም ልማዳችን ነው። ፌብሩዋሪ 7 ግን የካቲት 7 አይደለም፤ ጥር 30 ነው። በአንዱ ወረዳ ሞተር ሳይክሎቹ በዚች ምክንያት አንድ ሳምንት ዘግይተው ደርሰው «ያለ ፈቃድ ይዞ መቆየት» ተብሎ ሊጻፍባቸው ነበር።

ቀጥሎ የምናየው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይስማማሉ ወይ የሚለውን ነው። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «ለጊዜው አቁሙ» ይላል። ቃሉ «ፖዝ» ነው፤ ቴፕ ላይ የምንጫነው ቁልፍ። ተመልሶ የሚነካ ይመስላል። አራተኛው ግን ላፕቶፑን፣ ሞተሩን፣ ቁልፉን፣ ማኅተሙን ሁሉ መልሱ ይላል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት የምትሰጡትን ሰው ቁልፍ ትቀበሉታላችሁ? አትቀበሉትም። ቃሉ «ለጊዜው» እያለ ድርጊቱ «ለሁልጊዜው» ሲል፣ ድርጊቱን እመኑ። ቃል ለመጻፍ ምንም አይከፈልበትም፤ አራት ሞተር ከጋይንት ባሕር ዳር ለማስጫን ግን ገንዘብ ይወጣል። ገንዘብ የወጣበት ዓረፍተ ነገር የታሰበበት ነው።

ሦስተኛው ባለቤቱን መፈለግ ነው። እንግሊዝኛ አድራጊውን ደብቆ ዓረፍተ ነገር መሥራት ይወዳል፣ በተለይ በመሥሪያ ቤት። «ትጠየቃላችሁ» ይላል፤ ማን ነው የጠየቀ? «ሁኔታዎች አስገድደውናል» ይላል፤ የትኛው ሁኔታ? ወደ አማርኛ ስንመልሰው ግሳችን ባለቤት እንዲኖረው እንፈልጋለንና አንድ ሰው እናስቀምጥበታለን። «አቆሙን» እንላለን። እነማን? ያኔ ሰሚው በራሱ ይሞላዋል። አንዱ አሜሪካ ነው ይላል፣ ሌላው ባሕር ዳር ያለው ሥራ አስኪያጅ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ከእኔ ጋር የተጣላው አስተባባሪ ነው ይላል። ደብዳቤው ባዶ የተወውን ቦታ ባዶ አድርጎ መናገር ይቻላል፦ «ማን እንደወሰነው አልጻፉም» ማለት ነው። በአማርኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አያሳፍርም።

አራተኛው ቃናው ነው። እዚህ ላይ የስማዳውን ነገር ልንገራችሁ። ይህችው ኢሜይል በዚያው ቀን ወገዳ ለምትሠራ አንዲት ወጣት ባለሙያ ደረሰች። እሷ እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስታነብ «አዝ አፕሮፕርየት» የሚለው ላይ ደሟ ፈላ። «ተገቢ ሆኖ ካገኘነው እናነጋግራችኋለን ማለት ነው? እኛ ለመነጋገር እንኳ ተገቢ አይደለንም?» አለች። በንዴት የሞተሩን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ጥላ፣ ርክክብ ሳትፈራረም ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። በኋላ ክሊራንስ ስትጠይቅ «ሞተሩን ለማን አስረከብሽ?» ተባለች። የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ለማግኘት ወራት ፈጀባት።

እሷ የሰማችው ንቀት ነው፤ ጋሼ በእኔ በኩል የሰሙት ደግነት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ሁለቱም የሉም። «አዝ አፕሮፕርየት» በመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ውስጥ ሰውን አይመዝንም። ጸሐፊው ሁሉንም ሰው በአንድ ቀን ለማነጋገር ቃል እንዳይገባ የሚያስገባት ማምለጫ ናት። «ካይንድሊ» የምትለዋም እንደዚያው ናት። «በትሕትና ትጠየቃላችሁ» ስንል እኛ ልመና እንሰማለን፤ እምቢ ማለት የሚቻል ይመስለናል። በዚያ ቋንቋ ግን በደብዳቤ ላይ የተጻፈ «በትሕትና ትጠየቃላችሁ» ትእዛዝ ነው። «ለትጋታችሁ ከልብ እናመሰግናለን» የሚለውም ጊዜው ሲታይ ይገባል። ሰው ሥራ ላይ እያለ በመካከል እንዲህ ተብሎ አይመሰገንም፤ የሚመሰገነው ሲሸኝ ነው።

እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ አንተንም አንቺንም እርስዎንም በአንድ ይጠራል። እኔ ለጋሼ ስተረጉም በእርስዎ ነው የምተረጉመው፤ ሌላ አያምርብኝም። በእርስዎ ሲነገር ግን ደብዳቤው ውስጥ ያልነበረ አክብሮት ይገባበታል። ለልጃቸው በአንተ ብናገረው ደግሞ ያልነበረ ድፍረት ይገባበታል። ይህን ማስቀረት አይቻልም። ግን «አክብሮቱ የእኔ ነው እንጂ የደብዳቤው አይደለም፣ ጋሼ» ማለት ይቻላል። እንዲህ ብላቸው ኖሮ ምናልባት ይገባቸው ነበር።

እኛ የጋይንት ሰዎች ደግሞ ሌላ ፈተና አለብን። ቤተ ልሔም ያለችው እኛ ዘንድ ነው፤ የድጓ መምህራን የሚመሰከሩባት። ቅኔ ቤት ያላደረ እንኳ በቅኔ ጆሮ ነው የሚሰማው። ሰም ሲነግሩት ወርቅ ይፈልጋል። ይቺን ኢሜይል ነፋስ መውጫ ላይ አንድ ደርዘን ሰው ወርቅ ሲፈልግባት ውሏል። «ባሕር ዳር መልሱ ያለው ሌላ ፕሮጀክት ሊከፍቱ ነው» ያለም አለ። ቅኔ ግን የሚፈታው ቅኔው ባለ ወርቅ ስለሆነ ነው፤ ባለቅኔው ወርቁን አስቀድሞ ያውቀዋል። ይቺ ኢሜይል ሰም ብቻ ናት። የጻፋት ሰው ራሱ በዚያ ሳምንት መልሱን አያውቅም ነበር። ከበላዩ የመጣለት «ሥራ አቁም» የሚል ብቻ ነው፣ ጠበቃ ደግሞ «ምንም ቃል አትግባ» ብሎታል። የድፍን ደብዳቤ ትልቁ ሚስጥር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፦ ጸሐፊው አያውቅም፣ ወይም እንዲናገር አልተፈቀደለትም። ተርጓሚው የሌለውን ወርቅ ሲያወጣ ሰው ይጎዳል።

ታዲያ ምን ማድረግ ይሻላል? ይህን ያሳየችን የእስቴዋ እኅታችን ናት። መካነ ኢየሱስ ላይ የመጋዘን ኃላፊ ነበረች፤ ከእኛ ግቢ የወጣች ልጅ ናት፣ ስሟን ግን አትጥራ ብላኛለች። እሷ ኢሜይሏን ለዘበኛዋና ለጽዳት ሠራተኛዋ ስታስረዳ ነገሩን በሦስት ከፍላ ነው የነገረቻቸው። «የሚለው ይህን ነው። የማይለው ይህን ነው። እኔ የሚመስለኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ይሄ የእኔ ነው።» ከዚያ ለድርጅቱ በእንግሊዝኛ አጭር መልስ ጻፈች። አራት ጥያቄ ብቻ ነው። ከሥራ ውሉ አንጻር ይህ ለጊዜው መታገድ ነው ወይስ መቋረጥ? ከየትኛው ቀን ጀምሮ? ደመወዝ እስከ የትኛው ቀን ይከፈላል? ዘበኞች በሥራ ላይ ይቆዩ ወይስ ይሂዱ፣ ከሄዱስ ንብረቱን ለማን ያስረክቡ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ለምን መጀመሪያ እንደሆነ ላስረዳ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እነዚህ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። አሠሪ ባልጠበቀው የገንዘብ ችግር ምክንያት ሥራ ለጊዜው ማገድ ይችላል። ነገር ግን በሦስት ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ እገዳውም ከዘጠና ቀን አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውሉ በሕይወት አለ፤ ደመወዝ ግን ላይኖር ይችላል። ውሉ የተቋረጠ እንደሆነ ግን ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መግለጽ አለበት።

በጋሼ ላይ እናስላው። የጋሼ ውል ጊዜ ያልተወሰነለት ነበር፣ ስድስት ዓመት ሠርተዋል፣ ደመወዛቸውን በወር 3,000 ብር እንበል። ሥራው በሰው ቅነሳ ወይም በድርጅት መዘጋት ከተቋረጠ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለቀሩት አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚያን አንድ ሦስተኛ ያገኛሉ። ይህ 3,000 እና 5,000፣ በድምሩ 8,000 ብር ነው። በዚህ ላይ የስልሳ ቀን ደመወዝ ይጨመራል፤ 6,000 ብር። ጠቅላላው 14,000 ይሆናል፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ጊዜው ሳይቆጠር። «ለጊዜው ቆሟል» እና «ተቋርጧል» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ለጋሼ 14,000 ብር ነው። በተወሰነ ጊዜ ወይም ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተቀጠረ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ውሉ ላይ ያለውን ቀን ማየት አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ያለ አግባብ ከሥራ ወጥቻለሁ፣ ልመለስ የሚል ሰው የሚከስበት ጊዜ ሦስት ወር ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ ስድስት ወር ነው። «እንጠራችኋለን» ብሎ ሰውን ቁጭ ማድረግ ማለት ይህንን ሰዓት እየቆጠረ እንዲያልፍበት ማድረግ ነው። ሻይ ቤት ውስጥ የተናገርኳት አንዲት ቃል እስከዚህ ትደርሳለች ብዬ መች አሰብኩ?

ለእስቴዋ እኅታችን መልስ መጣ። ሁለት መስመር ነው፦ «በዚህ ጊዜ ይህንን ማረጋገጥ አንችልም፤ የጥበቃ ሠራተኞች እስከ ርክክብ ድረስ ይቆዩ።» እስቲ ተመልከቱት። ከአራቱ ሦስቱ አልተመለሱም። ያልተመለሰ ጥያቄም ግን ቀን አለው፤ «በዚህ ቀን ጠይቀናል፣ በዚህ ቀን አናውቅም ተብለናል» የሚል ወረቀት እጅ ላይ አለ። አራተኛው ደግሞ ተመለሰ፤ ዘበኛው በጽሑፍ ታዘዘ። የእሷ ዘበኛ ደመወዝ ያለ ክርክር ተከፈለው።

በየካቲት 19 የአሜሪካ መንግሥት ከአምስት ሺህ በላይ የዕርዳታ ውሎችን ማቋረጡን አስታወቀ። በመጋቢት የእኛውም ድርጅት ሁለተኛ ደብዳቤ ላከ። ይህኛው ድፍን አልነበረም። ምክንያት ነበረው፣ ቀን ነበረው፣ ፊርማ ነበረው። «ፖዝ» የሚለው ቃል ጠፍቶ «ተቋርጧል» የሚለው መጣ። ደብዳቤ ሐቁን ለመናገር ሲወስን እንግሊዝኛው እንዴት ቀላል እንደሚሆን ብታዩ! የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይረዳዋል።

ጋሼ የስንብት ክፍያቸውን አገኙ። የሁለቱ ወር ጥበቃ ግን ክርክር አስነሣ። ድርጅቱ «ሁሉም እንቅስቃሴ ይቁም ብለናል» አለ፤ ጋሼ «መምህር ጥበቃ አይቆምም ብሎኛል» አሉ። የእኔ ቃል ደግሞ ምን ዋጋ አለው? ያዳናቸው የመጋዘኑ ኃላፊ በዚያ ሳምንት የላከላቸው አጭር የስልክ መልእክት ነው፤ «ጋሼ፣ ርክክብ እስኪደረግ ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቆይ» የሚል። ልጃቸው ሳያጠፋው ቆይቶ፣ በእሱ ተከፈላቸው። የወረታው ሥራ ግን በሌላ ሰው ተይዟል።

ጋሼን በኋላ አገኘኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አይ መምህር፣» አሉኝ፣ «አንተ ክፉውን ልትነግረኝ አልፈለግህም። እኔ ግን ክፉውንም ቢሆን ብሰማው እችለው ነበር። ያልቻልኩት መጠበቁን ነው።»

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ብዙዎቻችን ዛሬ ደብዳቤ የሚደርሰን ሳንሆን ደብዳቤ የምንጽፍ ነን። አስተባባሪ አለ፣ የሰው ኃይል ኃላፊ አለ፣ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ አለ። እንግሊዝኛውን ለለጋሹ ስንል እንጽፋለን፤ ግድ ነው። ግን ከሥሩ ግማሽ ገጽ አማርኛ ጨምሩበት። ምን ተወሰነ፣ ማን ወሰነው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ደመወዝ እስከ መቼ፣ ዘበኛው ምን ያድርግ። ያልተወሰነውን «ይህ ገና አልተወሰነም፤ በዚህ ቀን እንነግራችኋለን» ብላችሁ ጻፉት። ጠበቃውም በዚህ አይከፋም፤ አላውቅም ማለት ቃል መግባት አይደለም።

መምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኛን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ አስተምራችሁናል፤ አድራሻው በየት በኩል፣ ፊርማው በየት በኩል። አንዲት ክፍለ ጊዜ ደግሞ እንዴት እንደሚነበብ ስጡን። እንዲህ ያለች ኢሜይል ሰሌዳ ላይ ጻፉና ተማሪውን «ይህንን ነፋስ መውጫ ላለ ዘበኛ ንገረው» በሉት። ያልተጻፈውን ሲጨምር አስቁሙት። እኔ በዚያች ክፍለ ጊዜ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ፣ ጋሼ ዛሬ ወረታ ነበሩ።